የመምህር ነጋ ፋታ

የመምህር ነጋ ድምፅ እየሄደ መሆኑን ከሐኪሙ በፊት ያወቁት ባለቤታቸው እትዬ እንኳየሁ ነበሩ። ሰውዬው ዳዊት ሲደግሙ አጥር ማዶ የሚሰማ ድምፅ ነበራቸው። በዘጠና ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ መስቀል ካለፈ ወዲህ ግን ድምፃቸው አጠገባቸው ለተቀመጠ ሰው እንኳ እንደ ተቀደደ ከበሮ ሆነ። «ብርድ ነው» አሉ መጀመሪያ። ዝንጅብል ተፈላ፣ ጠበል ተጠጣ፤ አልለቅ አለ። በኋላ ጎንደር ያያቸው ሐኪም አዲስ አበባ ላካቸው፤ አዲስ አበባ ያያቸው ደግሞ አልሸሸጋቸውም። ዕጢ ነው፤ ማንቁርቱ መውጣት አለበት። ከዚያ ወዲያ ትንፋሽ በአንገት ይሆናል፤ ድምፅ ግን አይኖርም። ቀጠሮው ጥምቀት ካለፈ በኋላ ተባለ።

ከአዲስ አበባ በተመለሱ ማግስት፣ ነጠላቸውን ደርበው፣ የሳይንስ ማስታወሻቸውን በብብታቸው ይዘው ሽታዬ ዘንድ መጡ።

ሽታዬ በሬዲዮ የሚተላለፍ ትምህርት ከሚዘጋጅበት ቤት ነው የምትሠራ። ሥራዋ የአስተማሪን ማስታወሻ ተቀብሎ፣ ለጆሮ እንዲሆን አድርጎ እንደገና መጻፍ ነው። መካነ ብርሃን ተወልዳ፣ እዚያው መምህር ነጋ አስተምረዋት ነው ያደገች። እሷም ዛሬ ልጆች ድራ የልጅ ልጅ ልታይ ደርሳለች፤ እሳቸው ፊት ግን ያው ተማሪ ነች፤ ሲገቡ ብድግ አለች።

«ተቀመጭ» አሏት። «ጥያቄ ይዤ ነው የመጣሁ።»

«ይጠይቁኝ መምህር።»

«የውሃን ነገር ታስታውሻለሽ?»

እንዴት አታስታውስ! ያ ትምህርት የሚጀመር በጣት ነበር። መምህር ነጋ አንድ ጣሳ ውሃ ይዘው ይገባሉ። ልጅ ሁሉ ጣቱን ነክሮ የስሙን መጀመሪያ ፊደል ጠረጴዛው ላይ ይጽፋል። ከዚያ ሌላ ሌላውን ያስተምራሉ። ሊያበቃ ሲል ዘወር ብለው «ስማችሁን አሳዩኝ» ይላሉ። የለም! ጠረጴዛው ደርቋል። «ውሃው ወዴት ሄደ?» ይላሉ ያን ጊዜ፤ ይሉና ዝም ነው። እጃቸውን ከፍ አድርገው ይቆማሉ። አንዱ ይጮኻል፣ ሁለተኛው ይጮኻል፤ እጃቸው አይወርድም። ከኋላ ያለው ዝምተኛ ልጅ አፉን እስኪከፍት ይጠብቃሉ። ሽታዬ ከእነዚያ ዝምተኞች አንዷ ነበረች። እሷን ብለው የጠበቁትን ዝምታ እስከ ዛሬ አልረሳችውም።

«ይኸን ትምህርት በድምፄ ቅጅልኝ» አሉ መምህር ነጋ። «ሌላ ነገር አልጠይቅሽም። ድምፄ ሳይሄድ ልጆቹን አንድ ጊዜ ልጠይቃቸው።»

ሽታዬ እንባዋ መጣ። «እሺ» ብላ ማስታወሻውን ተቀበለች።

ማታውን በማርያም ፊት ሻማ አብርታ «እናቴ፣ ሥራውን ፈጽሜ ላስረክባቸው» አለች። በነጋታው ቁጭ ብላ ማስታወሻውን አነበበችው። ሸጋ ማስታወሻ ነው፤ ግን ለደብተር የተጻፈ ነው። «ትነት ማለት ፈሳሽ ነገር በሙቀት ምክንያት ወደ ተን የሚለወጥበት ሂደት ነው» ይላል። ልጅ ይህን ከሰሌዳ ይገለብጠዋል፤ በጆሮው ቢገባ ግን ግማሹ ሳይያዝ ሌላው ይመጣበታል። ደግሞ «ከላይ በሥዕሉ እንደሚታየው» ይላል። ሬዲዮ ምን ሥዕል አለው?

ስለዚህ አፈረሰችው። ረጅሙን ዐረፍተ ነገር ቆራረጠችው። መጀመሪያ የባለፈውን ትምህርት ክለሳ አስገባች፣ አጠር አድርጋ። ከዚያ ጣት መንከር። ከዚያ ማብራሪያ፣ አንድ ሐሳብ ብቻ፤ «እናታችሁ ያጠበችው ልብስ አጥር ላይ ይሰጣል። ማታ ደርቆ ይገባል» ከሚለው ተነስታ። ትነት የሚለውን ቃል ያመጣችው ልጆቹ ነገሩን ከያዙት በኋላ ነው። መሐል ላይ ሌላ ክለሳ፤ በክለሳ ላይ አዲስ ነገር አይጨመርም። ከእያንዳንዱ ጥያቄ ሥር ደግሞ «ፋታ» ብላ ጻፈች። ልጆቹ የሚመልሱበት ባዶ ጊዜ ነው። ባንድ ቃል የሚመለስ ከሆነ «ፋታ፣ አጭር»፤ በደብተር የሚጻፍ ከሆነ «ፋታ፣ ረጅም»። የፋታውን ልክ የምታውቀው ራሷ መልሱን እየተናገረች፣ ራሷም እየጻፈች ነው።

ባስቸገራት ነገር መምህር ነጋን ጠየቀቻቸው። «መምህር፣ ሬዲዮው ጃናሞራም ሳንጃም ይሰማል። ጃናሞራ ብርድ ነው፣ ጽሕፈቱ ቶሎ አይደርቅም። ሳንጃ ገና ጣታቸውን ሳያነሡ ይደርቃል። ፋታውን በማን ልክ ላድርገው?»

«በማንም አታድርጊ» አሏት። «መጀመሪያ አስጽፈሽ ተያቸው። ሌላውን አስተምሪ። መጨረሻ ላይ ተመልሰሽ ጠይቂ። ያን ጊዜ ደጋውም ቆላውም ደርቆ ይጠብቅሻል።»

«እንጨቱ ጠጣው የሚል ልጅ ቢኖርሳ?»

ሳቁ፤ ሳቁም ሳል ሆነ። «መቼ ጠፍቶ ያውቃል! ‹ጣሳው ጀርባ ላይም ጻፉ› በይ። ቆርቆሮ ውሃ አይጠጣም። ያኔ ጠጪው ሌላ መሆኑን ራሳቸው ያገኙታል።»

ይህንንም ጻፈችው። ጽሑፉ አለቀ፣ ኃላፊው አየው፣ ፈቀደ። ታኅሣሥ ሲገባ መቅዳት ጀመሩ።

ስቱዲዮው ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ድምፅ እንዳያስተጋባ በብርድ ልብስ ተሸፍኗል። ከመስታወቱ ማዶ አኒስ ተቀምጧል፣ የሚቀዳው እሱ ነው። አባቱ ቅዳሜ ገበያ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ እሱ ከልጅነቱ የተሰበረ ሬዲዮ ሲፈታ ያደገ ነው። መምህር ነጋ ማይክራፎኑ ፊት ተቀምጠው አለንጋ እንደያዘ ሰው እጃቸውን ሲያወናጭፉ ጊዜ በማዳመጫው «አያ ነጋ! ማይክራፎኑን አይግረፉብኝ፣ የቤት ሥራውን ሠርቷል!» አላቸው።

«አንተ ደግሞ መስታወት ውስጥ ተቀምጠህ እንደ ጣና ዓሣ አፍህን ትከፍታለህ» አሉት። «የት ነው ተማሪዎቼ?»

«ተማሪዎ እኔ ነኝ።»

«እንግዲያ ነገሩ ከባድ ነው!»

ሳቅ ሆነ። ሳቁን ተከትሎ ሳላቸው መጣ፤ ዘለግ ብሎ ቆየ። ሽታዬ ውሃ አቀበለቻቸው። ሐኪሙ ብዙ እንዳይናገሩ አዝዟል፤ እትዬ እንኳየሁም ከበር ድረስ አድርሰዋቸው «ሽታዬ፣ አደራሽን፣ አታድክሚብኝ» ብለዋት ሄደዋል። አደራ ደግሞ ከባድ ነው። እሷም ድምፃቸውን ልትቆጥብላቸው ብላ አንድ ነገር አሰበች።

«መምህር፣ እርስዎ ማብራሪያውን ብቻ ያንብቡ። እሱ ነው ዋናው። ክለሳውና ጥያቄው አጫጭር ነው፤ ድምፅዎ ካልደከመ መጨረሻ ላይ እንቀዳዋለን። ከደከመም እኔ እሞላዋለሁ።»

መምህር ነጋ ወረቀቱን ዝቅ አደረጉ። «ምነው ልጄ? ማብራሪያውንማ ማንም ያነበዋል። ጥያቄውን ለእኔ ተይልኝ።»

«እተውልዎታለሁ፤ ብቻ መጨረሻ ላይ ይሁን። የሥራችን ደንብም እንዲያ ነው፤ ረጅሙ ይቀድማል። ትልቁን ከጨረስን ትንሹ አያቅተንም።»

«ትንሹ» አሉ፣ ቃሉን እንደ ጠጠር አፋቸው ውስጥ እያዞሩ። ተማሪ አስተማሪውን ሲያዝ ደስ ሳይላቸው አልቀረም መሰል፣ ወይም ደክሟቸው ነው፤ ብቻ አልተከራከሩም። «እሺ፣ አንቺ ታውቂያለሽ።»

ማብራሪያው ሳምንታት ፈጀ። ትንሽ ያነባሉ፣ ያርፋሉ። የጎረነነውን ይጥሉታል፣ ይደግሙታል። አኒስ የቀናውን ከቀናው ይቀጥላል። ሽታዬ በየማታው «ተመስገን፣ ዛሬም ሄደልን» ትላለች። ገና ሊገባ ሲል ማብራሪያው ተፈጸመ። የቀረው ጥያቄው ነው።

«ነገ ጥያቄው» አለቻቸው።

«ነገ ጥያቄው» አሉ፤ ሲሄዱም እንደ ወጣት ረገጥ ረገጥ እያሉ ነበር።

በነጋታው ነጭ ሸሚዝ ለብሰው መጡ። ክፍል ሲገቡ የሚለብሱትን ዓይነት። ማይክራፎኑ ፊት ተቀመጡ፤ አኒስ ጣቱን አነሣላቸው፤ አፋቸውን ከፈቱ። የወጣው ነፋስ ነው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ውሃ ጠጡ፣ እንደገና ሞከሩ። «ውሃ…» አለ አንድ የሻከረ ነገር፤ ከዚያ ያም ቀረ። አኒስ ማዳመጫውን አውልቆ መሬት መሬት ያይ ጀመር።

«ነገ ይሻላል መምህር፤ ማታ ማር በሙቅ ውሃ…» አለች ሽታዬ።

በማግስቱም አልተሻለም፤ በገናም፣ ከገና በኋላም። መምህር ነጋ አንድ ቀን እንኳ «ብዬሽ ነበር» አላሏትም። ቢሏት ይሻላት ነበር። ጥምቀት አለፈ፤ አዲስ አበባ ሄዱ።

ሽታዬ ጥያቄውን በራሷ ድምፅ ቀዳችው። ሳትወድ ነው። «ውሃው ወዴት ሄደ?» ብላ ፋታውን በሰዓት ለክታ አስቀመጠች፤ ከፋታው በኋላ «ሸጋ ነው ልጆች! ወደ አየር ሄደ» ብላ ቀጠለች። ሁሉም በልኩ ነው። አንድ ስሕተት የለበትም። ቤቷ ስትገባ ግን እራት አልበላ አላት።

መምህር ነጋ ሚያዝያ ላይ አንገታቸውን በነጭ ሻሽ ጠምጥመው ተመለሱ። ከስተዋል፤ ዓይናቸው ግን ያው ነው። የሚሉትን በትንሽ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ጽፈው ያሳያሉ። ሽታዬ ልትጠይቃቸው ብትሄድ መጀመሪያ የጻፉት «ትምህርቱስ?» የሚል ነው።

ትምህርቱ ገና አልተላለፈም ነበር፤ አስቀድሞ ክፍል ውስጥ በካሴት መሞከር አለበት። ልጆቹ የት እንደሚከተሉ፣ የት እንደሚጠፋባቸው ታይቶ ነው የሚታረመው። ለሙከራው ከከተማው ዳር ያለ አንድ ትምህርት ቤት ተመርጦ ነበር። «እመጣለሁ» ብለው ጻፉ። እትዬ እንኳየሁ «አንተ ሰውዬ፣ ገና ቁስልህ ሳይሽር!» ቢሉ፣ በዚያው ቃል ሥር መስመር አሰመሩበት።

የሙከራው ቀን ልጆቹ ጣታቸውን ነክረው ጠረጴዛውም ላይ ጣሳውም ላይ ጻፉ። ካሴቱ ዞረ። የመምህር ነጋ ድምፅ ከመስኮቱ ሥር ከተቀመጠው ቴፕ ወጥቶ ስለ ልብሱና ስለ አጥሩ አስረዳ። ባለ ድምፁ ደግሞ ከቴፑ አጠገብ ዝም ብለው ቆመዋል። ልጆቹ አንዴ ቴፑን፣ አንዴ ሻሹን ያዩ ነበር።

መጨረሻው ደረሰ። «ውሃው ወዴት ሄደ?» አለች የሽታዬ ድምፅ።

ከፊት ያሉት «ወደ አየር!» ብለው ጮኹ። ከኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፋ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ባዶ ጠረጴዛዋን በጣቷ ትነካካለች። አንገቷን ቀና አደረገች፣ አፏን ልትከፍት አለች። ይኼኔ ካሴቱ «ሸጋ ነው ልጆች! ወደ አየር ሄደ» አለ። ልጅቷ አፏን ዘጋች።

ሽታዬ ከበሩ ሥር ሆና አየቻት።

መምህር ነጋም አዩ። ጎንበስ ብለው ቴፑን አጠፉ፤ ካሴቱን ወደ ኋላ አዙረው እንደገና ከፈቱት። «ውሃው ወዴት ሄደ?» ሲል መልሰው አቆሙት። እጃቸውን ከፍ አደረጉ። ከፊት ያሉት ጮኹ፤ እጃቸው አልወረደም። ክፍሉ ጭጭ አለ። ከአንገታቸው በኩል ትንፋሻቸው ሲገባ ሲወጣ ብቻ ይሰማል። ልጅቷ አየቻቸው፤ እሳቸውም አዩዋት፤ አልቸኮሉም።

«ጠፍቶ አይደለም» አለች በመጨረሻ፣ በቀጭን ድምፅ። «አለ፤ ግን አይታይም።»

እጃቸው ወረደ። ቴፑን ከፈቱት። «ሸጋ ነው ልጆች!» አለ።

ወደ ቤት ሲመለሱ በመንገድ ላይ ሽታዬ ቆመች። «መምህር፣ ይቅር ይበሉኝ። ያኔ ጥያቄውን ብሰጥዎት ኖሮ…»

ሰሌዳቸውን አወጡ። «ማብራሪያው አልፏል። ጥያቄውም አልፏል» ብለው ጻፉ። በእጃቸው መዳፍ አጠፉና ጨመሩ፦ «ፋታው የማን ነው?»

ነገሩ የገባት ቤቷ ከደረሰች በኋላ ነው።

በሳምንቱ ጥያቄውን እንደገና ሊቀዱ ስቱዲዮ ገቡ፤ ሽታዬ ማይክራፎኑ ፊት፣ መምህር ነጋ ከጎኗ፣ አኒስ ከማዶ። ጽሑፉ ላይ «አጭር» «ረጅም» የሚለውን ሁሉ ሰርዛዋለች። ጥያቄውን ታነባለች፤ ቀና ብላ ታያቸዋለች። እጃቸው ወደ ላይ ተነሥቷል። ዓይናቸው መስታወቱ ላይ ያርፋል፤ መስታወቱን ግን አያዩም። ከኋላ መደዳ ያለ አንድ ልጅ ይታያቸዋል፤ ማንኛው እንደሆነ እሳቸው ያውቃሉ። እሱ እስኪናገር ይጠብቃሉ። ከዚያ እጃቸው ይወርዳል፤ እሷም ትቀጥላለች።

አኒስ በመሐል አቋረጠ። «እትዬ ሽታዬ፣ በዚህ አያያዝ ትምህርቱ ከሰዓቱ ያልፋል።»

«መግቢያዬን ቁረጠው። ‹እንደምን አላችሁ፣ ዝግጅታችንን እየተከታተላችሁ› የሚለውን ሁሉ። የእኔን ወሬ ቀንስና ለእሳቸው ስጥ።»

«እሱስ ይሁን። ግን ፋታው ንጹሕ አይደለም። ትንፋሻቸው ገብቷል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እሳቸው እንዳይሰሙ፣ «ሌላ ባዶ ካሴት ልቀጥልበት?» አላት።

ሽታዬ ዞር አለች። መምህር ነጋ እጃቸውን አንሥተው ቀጣዩን ጥያቄ ይጠብቃሉ።

«ተወው» አለችው።

መምህር ነጋ በፍልሰታ ጾም አረፉ። በደብራቸው ተቀበሩ። ያስተማሯቸው ሰዎች ከድብ ባሕርም ከጃናሞራም መጡ፤ ሽማግሌ ሁሉ «የእኔም አስተማሪ ነበሩ» እያለ አለቀሰ። ነፍሳቸውን በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን።

ትምህርቱ የተላለፈው ጥቅምት ላይ ነው። ሽታዬ ሰዓቱን አስፈቅዳ እትዬ እንኳየሁ ቤት ሄደች። ሴትዮዋ ጥቁራቸውን ለብሰው፣ ሬዲዮውን መሶብ ክዳን ላይ አድርገው ይጠብቋት ነበር። ዓይናቸው በልቅሶ ተመልጧል።

«ድምፁ ይወጣል አልሽኝ?»

«ይወጣል እትዬ።»

ዜማው ተሰማ፣ ትምህርቱ ጀመረ። ማብራሪያው ሲመጣ እትዬ እንኳየሁ ጆሯቸውን ሰጡ። ሽታዬ ፊታቸውን ታያለች፤ ያለቅሳሉ ብላ ነጠላዋን አዘጋጅታለች። አላለቀሱም። ግራ እንደገባው ሰው አንገታቸውን ነቀነቁ።

«ይኼ እሱ ነው? ያነባል እንጂ። ነጋ እንዲህ አይናገርም ነበር። እንግዳ ሰው መሰለኝ።»

ሽታዬ «ጽሑፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ» ብትል ምን ይረባል። አንገቷን ደፋች። ይህን ሰው ቃል በቃል አፍርሼ ሠርቼው፣ ለሚስቱ እንግዳ አድርጌ መለስኩላት አለች በልቧ።

ትምህርቱ ሊያልቅ ተቃረበ። ሽታዬ የራሷን ድምፅ ከሬዲዮው ሰማች፤ ሰው ፊት ራቁቷን የቆመች ያህል አፈረች።

«ልጆች፣ ስማችሁን ጽፋችሁ ነበር። አሁን የለም። ውሃው ወዴት ሄደ?»

ሬዲዮው ዝም አለ። ዝምታው ረዘመ፣ ጣቢያው የጠፋ እስኪመስል። ከውስጡ ግን ቀስ ያለ ነገር ይሰማል፣ የሚገባ የሚወጣ። እትዬ እንኳየሁ ቀጥ አሉ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ በነበሩት ወራት ሌሊቱን ሙሉ አጠገባቸው ተኝተው ሲያዳምጡት የነበረ ነው።

ሽታዬ ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። «እትዬ፣ ይኼ እኮ…»

እትዬ እንኳየሁ እጃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ዝም በይ» አሏት፣ ዓይናቸውን ከሬዲዮው ሳይነቅሉ። «እየጠበቀ ነው።»